ሌላ ሥራ ይዘናል፤ ለቀሩት ቀጣሪዎች በምን እንንገራቸው? ስልክ፣ ቴክስት፣ ኢሜይል ወይስ ደብዳቤ

ባለፈው ሰኔ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ ቅጥሩ ተሳካ። ደብዳቤውን ሰጡኝ፣ ፈረምኩ" አለችኝ። እልል ብዬ ሳልጨርስ ድምጿ ዝቅ አለ። "ሌሎቹንስ ምን ልበላቸው?"

ሌሎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ ፋብሪካ ነው። የመጀመሪያውን ኢንተርቪው አልፋ ለሁለተኛው ዓርብ ጠዋት ተቀጥራለች። ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት ያለ የብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። እነሱ "አልፈሻል" ብለው በስልክ ነግረዋታል። የዋስ ደብዳቤም አስገብታለች። ሦስተኛው መንዝ ውስጥ ያለ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። የጽሑፍ ፈተና ተፈትና ውጤቱ ገና አልተለጠፈም።

እሷ ለሦስቱም የሚሆን አንድ ቴክስት ጽፋ በአንድ ጊዜ ልትልክ አስባ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰን ምን እንደምናደርግበት አውቃለሁ፤ ሳይደርሰን ሲቀር ምን እንደሚፈጠርም አይቻለሁ። ስለዚህ "ቆይ፣ አትላኪ" አልኳት። ማታ እቤት መጣችና አንድ በአንድ አየነው። እዚህ የምጽፈው ያን ማታ የተነጋገርነውን ነው።

መቼ፦ ስልክ ሲደወል ወይስ ደብዳቤ ሲያዝ?

ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ መቸኮል ነው። "ተመርጠሃል፣ ሰኞ ና" የሚል ስልክ እንደመጣ ለሌሎቹ በሙሉ "አልፈልግም" ብሎ መንገር። አንድ የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ አድርጎ ሁለት ቦታ ራሱን አገለለ። ሰኞ ሲሄድ "መደቡ ለጊዜው ተይዟል፣ በጀት አልተለቀቀም" ተባለ። ከተዋቸው አንዱ ቦታ ተመልሶ ቢጠይቅም ተጠባባቂው ተጠርቶ ገብቷል። የስልክ ቃል ቅጥር አይደለም። መደቡ፣ ደመወዙና የሚጀመርበት ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ወይም ውል እጅ እስኪገባ ድረስ ማንንም ማሰናበት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስህተት መዘግየት ነው። ደብዳቤው እጅ ከገባ በኋላ "እስኪ ሥራውን ልየውና" እያሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት። በዚያ ሳምንት ውስጥ ቀጣሪው ለኢንተርቪው ሰው ይሰበስባል፣ ለሁለተኛው ዙር ቦታ ይዞልህ ይጠብቃል፣ ተጠባባቂውም ስልኩን እያየ ይቀመጣል። ተጠባባቂ ማለት ውጤቱ ከአንተ ቀጥሎ የሆነ ሰው ነው። የሚጠራው አንተ እንደማትመጣ ሲታወቅ ብቻ ነው። አንተ ዝም ባልክበት ጊዜ እሱም ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ያኔ ማስታወቂያው እንደገና ይወጣል።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ደብዳቤው በተፈረመበት ቀን ወይም በማግስቱ ጠዋት ማሳወቅ። የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ፈርማለች። የፋብሪካው ቀጠሮ ዓርብ ነው። ረቡዕ ጠዋት ከደረሳቸው የዓርቡን ቦታ ለሌላ ሰው መስጠት ይችላሉ። ሐሙስ ማታ ከደረሳቸው ግን መልእክቱ ከመቅረት ብዙም አይሻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ከአንድ በላይ ቦታ ፈርመህ ከሆነ ጉዳዩ ማመልከቻ መተው ሳይሆን ሥራ መልቀቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ከተስማሙበት እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ። የእህቴ ልጅ ከአንዱ በቀር የትም አልፈረመችም። ስለዚህ የእሷ ጉዳይ አጭር መልእክት ብቻ ነው።

ምን ብሎ፦ "እስኪ እናያለን" ወይስ "አግልያለሁ"?

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው። እኛ አገር ሰው ፊት ለፊት "አይሆንም" ማለት ይከብደናል። ይሉኝታ ይይዘናል። መንዝ ያደገች ልጅ ደግሞ ይብስባታል። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይል ነበር፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ በጣም ይቅርታ፣ በአንዳንድ ምክንያቶች የተነሳ ምናልባት ዓርብ ላልመጣ እችላለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ፣ እግዚአብሔር ካለ ወደፊት እንገናኛለን።"

ለጎረቤት ይህ ጨዋ ንግግር ነው። ለሰው ሀብት ክፍል ግን መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። "ምናልባት" ምን ማለት ነው? ቀጠሮው ይዛወርላት ማለት ነው? ታማለች? "በአንዳንድ ምክንያቶች"ስ? እኔ እንዲህ ያለ ቴክስት ሲደርሰኝ ደውዬ "ታዲያ ሌላ ቀን እናድርግልህ?" እል ነበር። ያ ልጅም እንደገና ይጨነቃል፣ "እሺ" ይላል፣ በዚያኛውም ቀን ይቀራል። ይሉኝታው ሁለታችንንም ሁለት ጊዜ አደከመን ማለት ነው።

ትህትናው ያለው በምስጋናው ውስጥ ነው። ውሳኔውን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው። "ሌላ ሥራ ስለተቀበልኩ ከውድድሩ ራሴን አግልያለሁ።" በዚህ ውስጥ "ምናልባት" የለም፣ "እችላለሁ" የለም። ምክንያቱም ተነግሯል፤ አንባቢው "ምን አጠፋን?" ብሎ አያስብም።

ሰዎች በብዛት የሚጽፏቸው ሌሎች አባባሎችም አሉ። "ፍላጎት የለኝም" ደረቅ ነው፤ ቦታውን የናቁት ይመስላል። "ሥራውን መሥራት ስለማልችል" ደግሞ ራስን ይጎዳል። ፋይሉ ውስጥ ሲቀመጥና ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሲያነበው ችሎታ የሌለህ ይመስላል። "ማመልከቻዬን ሰርዙልኝ" ትእዛዝ ይሆናል። ይቅርታ መደጋገምም አይመከርም። ሌላ ሥራ መያዝ ጥፋት አይደለም። ቀጠሮ ተይዞልህ ሳለ የምትቀር ከሆነ ብቻ አንድ ይቅርታ ተገቢ ነው።

"እጠይቃለሁ" እና "አሳውቃለሁ" የሚሉት ቃላት ልዩነትም ቀላል አይደለም፤ በተለይ መንግሥት መሥሪያ ቤት። "ከውድድሩ እንድታሰናብቱኝ እጠይቃለሁ" ብለህ ከጻፍክ ደብዳቤህ ጥያቄ ነው። ጥያቄ ደግሞ ለኃላፊ ይመራል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። "ራሴን ማግለሌን አሳውቃለሁ" ካልክ ግን የሚወሰን ነገር የለም። ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ ያበቃል።

በምን፦ ስልክ፣ ቴክስት፣ ኢሜይል ወይስ ደብዳቤ?

የእኔ መለኪያ አንድ ነው። እነሱ መጨረሻ ላይ ባገኙህ መንገድ መልስላቸው። ቃል ሰጥተውህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ደውል።

ስልክ ጥሩ ነገሩ ሞቅ ያለ መሆኑ ነው። ሰላምታ አለ፣ ድምፅ አለ፣ ምስጋናው ልብ ይደርሳል። መጥፎ ነገሩ ማስረጃ አለመተው ነው። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ለኃላፊዋ ካልነገረች አንተ እንደቀረህ ይቆጠራል። ሌላም አለ። በስልክ "ስንት ሰጡህ? እኛ ብንጨምርልህስ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ያልተዘጋጀ ሰው ይደናገጣል። ደመወዝ ለማስጨመር ካላሰብክ መልሱ ከመደወልህ በፊት አፍህ ላይ ይኑር፦ "አመሰግናለሁ፣ ግን ፈርሜያለሁ።" ለማስጨመር አስበህ ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ ንግግር ነው፤ ከመፈረምህ በፊት መሆን ነበረበት።

ቴክስት ፈጣን ነው፤ ወረቀትም አያስፈልግም። ግን በአማርኛ ሲጻፍ የራሱ ጠባይ አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ የስልክ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ከሆነ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ሂሳቡም በክፍልፋዩ ልክ ነው። አብዛኛው ስልክ መልሶ ይገጣጥመዋል። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ግን ተቆራርጦ ይደርሳል፤ ወይም ፊደሉ በባዶ ሳጥን ይተካል። ስለዚህ ረጅም ምስጋና በቴክስት አይላክም። ይህኛው ስምን ጨምሮ ወደ 100 ፊደል ነው፤ ሁለት ሆኖ ይሄዳል፦

"ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ ሠራተኛ አመልካች (ሙሉ ስም) ነኝ። ሌላ ሥራ ስለተቀበልኩ ከውድድሩ ራሴን አግልያለሁ። ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ።"

ቴሌግራም የፊደል ገደቡ አያስቸግረውም፤ መነበቡንም ያሳያል። ግን የምትጽፈው ለአንድ ሰው የግል ስልክ ነው። ያ ሰው ፈቃድ ላይ ከሆነ መልእክቱ እዚያው ይቀራል። እነሱ ራሳቸው በቴሌግራም ካላገኙህ በቀር እኔ አልመርጠውም።

ኢሜይል ለድርጅቶች ከሁሉ ይሻላል። ቀኑ ይታያል፣ ለኃላፊው በቀላሉ ይተላለፋል፣ በኋላም ተፈልጎ ይገኛል። ከተቻለ አዲስ አትጀምር። ለኢንተርቪው በጠሩህ ኢሜይል ላይ መልስ ብለህ ጻፍ፤ የቀድሞው ልውውጥ ከስር ይታያቸዋል።

ደብዳቤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ በመዝገብ ቤት ያልገባ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ሁለት ቅጂ ይዘህ ትሄዳለህ። አንዱን ይቀበሉና አንተ ጋ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጽፉበታል፣ ማኅተም ያደርጉበታል። አድካሚ ነው። ግን በኋላ "ተጠርተህ ቀረህ" ቢባል መልስ አለህ።

ዝም ማለትስ? ማመልከቻ ብቻ አስገብተህ ማንም ካልጠራህ፣ ፈተናም ካልተቀመጥክ፣ ዝም ማለት ነውር አይደለም። መቶ ማመልከቻ በተቀበለ ቢሮ እንዲህ ያለ መልእክት ሥራ መጨመር ነው። አንዴ ከጠሩህና ከተገናኛችሁ በኋላ ግን ዝምታ መቅረት ይሆናል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። የአንዱ ፋብሪካ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነገ ሌላኛው ፋብሪካ ውስጥ ታገኛታለህ። እኔ ራሴ ሁለተኛ ሥራዬ ላይ፣ ከዓመታት በፊት ቀጠሮ ሰጥቼው የቀረ ልጅ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ስሙን አውቄዋለሁ። በውጤቱ ነው የዳኘሁት። ግን አስታወስኩት።

የሄድክበትን ቦታ መናገር ወይስ መተው?

በጽሑፍ ይተው። "ሌላ ሥራ ተቀብያለሁ" በቂ ነው። የድርጅቱን ስም ከጻፍክ ማወዳደር ይመጣል፤ ደመወዙን ከጻፍክ ደግሞ "እናንተ ያነሰ ነው የምትከፍሉት" ያልክ ይመስላል። በቃል ቢጠይቁህ መናገር ክልክል አይደለም። ለጠየቀህ ሰው መዋሸት ይከፋል። ብቻ አንተ አታንሳው።

አጻጻፉ ላይ ደግሞ "ድርጅትዎ" አይባል። ኃላፊው የድርጅቱ ባለቤት አይደለም። ሰውየውን "እርስዎ" እንላለን፤ ተቋሙን ግን "ድርጅታችሁ"፣ "መሥሪያ ቤታችሁ" እንላለን። ተቀባዩ አብሮህ የተማረ ጓደኛህ ቢሆን እንኳ በጽሑፍ "አንተ" አይሆንም፤ ፋይሉን ሌላ ሰው ያነበዋል። ስምህም እስከ አያት ይጻፍ። እኛ ፋብሪካ በአንድ ማስታወቂያ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሦስት አመልካቾች መጥተውልን ያውቃሉ። የተሳሳተው ሰው ከዝርዝር ቢወጣ ጥፋቱ ከባድ ነው።

የእህቴ ልጅ ለሦስቱ ምን አደረገች?

ለፋብሪካው ረቡዕ ጠዋት በ3 ሰዓት ኢሜይል ላከች። ለኢንተርቪው የጠሯት በኢሜይል ነበር፤ ስለዚህ በዚያው ላይ መለሰች፦

"ጉዳዩ፦ ከሒሳብ ሠራተኛ ውድድር ራሴን ማግለሌን ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልኝ። ለፊታችን ዓርብ ለሁለተኛ ዙር ኢንተርቪው ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ሳምንት ሌላ ሥራ ስለተቀበልኩ ከውድድሩ ራሴን አግልያለሁ። ቀጠሮ ከያዛችሁልኝ በኋላ በመሆኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቦታው ለሌላ አመልካች እንዲውል ብዬ ቶሎ አሳውቄያለሁ። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ"

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። "መስተንግዶ" የሚለውን እሷ ናት የጨመረችው። ኢንተርቪው የገባች ቀን ደብረ ብርሃን እንደምታውቁት ብርድ ነበር፤ ተራዋን ስትጠብቅ ሻይ ሰጥተዋታል። እውነት ስለሆነ ተውኩት። እንዲህ ያለ ምስጋና የሚያምረው በእርግጥ የተደረገን ነገር ሲጠቅስ ነው። ያልተደረገውን ማሞገስ ግን ይታወቃል።

የወረዳው በደብዳቤ ሆነ። እሷ ለዚህ ብላ ጣርማ በርን አልፋ መንዝ ድረስ አትወጣም። ፈርማ ለአባቷ በመኪና ላከችለት፣ እሱም መዝገብ ቤት አስገባላት፦

"ጉዳዩ፦ ከሥራ ውድድር ራሴን ማግለሌን ስለማሳወቅ

መሥሪያ ቤታችሁ ባወጣው የሒሳብ ባለሙያ ክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ መሠረት ተመዝግቤ የጽሑፍ ፈተና መውሰዴ ይታወሳል። ሆኖም በሌላ ተቋም የተቀጠርኩ በመሆኑ ከውድድሩ ራሴን ማግለሌን አሳውቃለሁ። ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ።"

የማስታወቂያው ቁጥርና የፈተናው ቀንም ተጽፎበታል። ከታች ሙሉ ስም፣ ፊርማና ስልክ አለ። የትምህርት ማስረጃዋን ይመለስልኝ አላለችም። ማስታወቂያው ራሱ "የማይመለስ ፎቶ ኮፒ" ነበር ያለው፤ ኦርጅናሉ እሷ ጋ ነው።

ከባዱ የሸዋ ሮቢቱ ነበር። እነሱ አልፈሻል ብለዋታል። እሷም እሺ ብላለች። ስለዚህ እዚህ ጋ መጀመሪያ ስልክ ነው። "ደውዬ ቢቆጡስ?" አለች። ሊቆጡ ይችላሉ፤ መብታቸውም ነው። ግን ለሰጡት ቃል በቴክስት ብቻ መመለስ የበለጠ ያስከፋል። ረቡዕ ከኢሜይሉ በኋላ ደወለች። ቀድሞ "አልፈሻል" ብላ ከደወለችላት ሴትዮ ጋር ነው የተነጋገረችው። የተናገረችው ይህን ያህል ነው፦ "እትዬ፣ እሺ ካልኳችሁ በኋላ መሆኑ አሳፍሮኛል። ሌላ ቦታ ፈርሜያለሁ። እናንተ ሌላ ሰው እንድትጠሩ ብዬ ነው ዛሬውኑ የደወልኩት።" ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብላ "ከመጀመሪያው ቀን ቀርተሽ ከምናውቅ ይሄ ይሻላል" አለቻት። ከዚያ በኋላ ማረጋገጫው በቴክስት ተላከ።

በዚያ ቴክስት ላይ ግን ከላይ ያለው ናሙና አልበቃም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን፦ "በስሜ የገባው የዋስትና ደብዳቤ ውድቅ ሆኖ ኦርጅናሉ እንዲመለስልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።"

ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ገንዘብ በሚነካ ሥራ ላይ ዋስ ይጠየቃል። ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ያመጣል። አመልካቹ ሲቀር ያ ደብዳቤ በሰው ቢሮ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ብዙ መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ሠራተኛ ዋስ ሆኖ ሳለ ለሌላ ቦታ ሁለተኛ ደብዳቤ አይጽፍለትም። የእህቴ ልጅ ዋስ የአባቷ ወንድም ነው። አዲሱ ቀጣሪዋም ዋስ ጠይቋታል፤ ከአጎቷ ሌላ ሰው የላትም። የሸዋ ሮቢቱ ደብዳቤ ካልተመለሰ አዲሱ ሥራ ራሱ ሊቆም ነው። እዚህ ላይ "እጠይቃለሁ" ትክክለኛው ቃል ነው፤ መልስ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነውና።

ቅዳሜ አጎቷ ራሱ ወረደ። የደጋ ልብሱን ለብሶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥታ አስፈርማ ሰጠችው። ሰኞ ጠዋት ለመሥሪያ ቤቱ መልሶ በምትኩ አዲሱን አጻፈ። በዚያው ዕለት ከሰዓት የእህቴ ልጅ ሥራ ጀመረች።